ሲልቨር ክሎራይድን በአሞኒያ ማሟሟት፦ ስንት ጠብታ ይበቃል?

ሲልቨር ክሎራይድ ከውሃ ጋር አይግባባም። ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ቱቦው ሥር ቁጭ ይላል። ብትወዘውዙት፣ ውሃ ብትጨምሩበት፣ ያው ነው። ትንሽ አሞኒያ ሲገባበት ግን ድፍርሱ ይጠፋል፤ ቱቦው ጥርት ይላል። አሲድ ስትጨምሩበት ደግሞ ነጩ ዝቃጭ ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ሙከራ የሚያስረዱ ብዙ ወረቀቶች «እስኪሟሟ ድረስ አሞኒያ ጨምሩ» ብለው ያልፉታል። ስንት እንደሆነ አይናገሩም። እኔ ግን የሙከራው ጣዕም ያለው እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ። ፎርሙላው ላይ አንድ የብር አዮን የሚይዘው ሁለት አሞኒያ ነው። ቱቦው ውስጥ ስትሠሩት ግን ለአንዱ ብር ወደ ሃያ አሞኒያ ያስፈልጋል። አሥራ ስምንቱ ምን ይሠራሉ? ጠብታ እየቆጠርን እንየው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አራት ሙሙቶች ያስፈልጋሉ፦ 0.1 ሞላር ሲልቨር ናይትሬት፣ 0.1 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ 2 ሞላር አሞኒያ እና 2 ሞላር ናይትሪክ አሲድ። ከዚህ ሌላ ጥቂት የሙከራ ቱቦዎች ከነቡሻቸው፣ ሊትመስ ወረቀት፣ ድሮፐር እና መርፌው የተነቀለ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ አዘጋጁ። ስሪንጁ ከፋርማሲ በቀላሉ ይገኛል፤ ለዚህ ሥራም ከብዙ ያረጁ ፒፔቶች የተሻለ ይለካል።

ሲልቨር ናይትሬት ውድ ስለሆነ ብዙ አታዘጋጁ። 0.85 ግራም መዝናችሁ ጠቅላላው 50 ሚሊ ሊትር እስኪሆን ድረስ ዲስትልድ ውሃ ሙሉበትና በቡናማ ጠርሙስ አስቀምጡት። ለጨው 0.58 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ ለ100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የላቦራቶሪ ጨው ከሌለ የወጥ ቤት ጨውም ያገለግላል፤ ቆሻሻው እንዲቀር ብቻ በማጣሪያ ወረቀት አሳልፉት። የተጨመረበት አዮዲን በዚህ መጠን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

አሞኒያው ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጠርሙሱ ላይ 25 በመቶ የሚል ከሆነ ወደ 13.4 ሞላር ገደማ ነው። 15 ሚሊ ሊትሩን ውሃ ላይ ጨምራችሁ 100 ሚሊ ሊትር ስታደርሱት 2 ሞላር ይሆናል። ይህንን በጭስ መሳቢያ ሥር፣ እሱ ከሌለ በሰፊው በተከፈተ መስኮት አጠገብ ሥሩት። መነጽርና ጓንት አይቅር። ሲልቨር ናይትሬት ቆዳ ላይ ከነካ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ጥቁረቱም በሳሙና አይለቅም፣ ቆዳው ራሱ እስኪታደስ ይቆያል። በረኪና ደግሞ ጠረጴዛው አጠገብ እንዳይደርስ። አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ።

የቧንቧ ውሃ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ውስጡ ክሎራይድ አለ። ዲስትልድ ነው የተባለውንም ቢሆን ፈትኑት። ሁለት ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ጣሉ። ጭጋግ ካሳየ ውሃው አይሆንም፤ ጥርት ብሎ ከቀረ ቀጥሉ።

ደረጃ 1፦ ዝቃጩን መሥራት

በስሪንጁ በትክክል 1 ሚሊ ሊትር ሲልቨር ናይትሬት ቱቦ ውስጥ አድርጉ። ስሪንጁን በዲስትልድ ውሃ እጠቡና 1 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ጨምሩ። ወዲያው ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ይፈጠራል። ቡሹን ገጥማችሁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ስትወዘውዙት ወተቱ ይሰበሰብና የተቋጠረ እርጎ ይመስላል።

እዚህ ላይ ያለውን ሒሳብ ያዙ። 1 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር ማለት 0.1 ሚሊ ሞል ነው። ብሩም ክሎራይዱም እኩል 0.1 ሚሊ ሞል ስለሆኑ የተገኘው ሲልቨር ክሎራይድም 0.1 ሚሊ ሞል፣ ማለትም 14 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ትንሽ ትመስላለች። በንጹህ ውሃ አሟሟታለሁ ብትሉ ግን በ25 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው 1.9 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ለዚህች ለቱቦ ሥር ዝቃጭ ሰባት ሊትር ተኩል ውሃ ሊፈጅባችሁ ነው።

ዝቃጩን እንደሠራችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። ፀሐይ ያለበት መስኮት አጠገብ አትተዉት። ለምን እንደሆነ ታች እመለስበታለሁ።

ደረጃ 2፦ ጠብታ መቁጠር

መጀመሪያ ድሮፐራችሁን እወቁት። በአሞኒያው ሙሉትና እየቆጠራችሁ 1 ሚሊ ሊትር ለመሙላት ስንት ጠብታ እንደሚወስድ እዩ። ብዙዎቹ ወደ ሃያ ጠብታ ይወስዳሉ። የእናንተ የተለየ ከሆነ የራሳችሁን ቁጥር ያዙ፤ ከዚህ በታች ሃያ እያልኩ እሄዳለሁ።

አሁን አምስት ጠብታ አሞኒያ ጨምሩ፣ ቡሹን ግጠሙና በደንብ ወዝውዙ። ዝቃጩ ቀነሰ ትላላችሁ እንጂ አልጠፋም። አምስት ጨምሩ፣ ወዝውዙ። ከአሥረኛው በኋላ ሁለት ሁለት ጠብታ እየጨመራችሁ ከእያንዳንዱ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። የሚቸኩል ሰው ሁልጊዜ የተጋነነ ቁጥር ያገኛል፤ ምክንያቱም የተቋጠረ ዝቃጭ ለመሟሟት ጊዜ ይፈልጋል።

ወደ መጨረሻው አካባቢ ከቱቦው ጀርባ የተጻፈበት ወረቀት ያዙ። ፊደሉ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ቀጥላችሁ ስትጨምሩ ድንገት ጥርት ብሎ የሚነበብበት ጠብታ ይመጣል። በሃያኛው ጠብታ አካባቢ፣ ማለትም 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ላይ መሆን አለበት። ቁጥራችሁን ጻፉ።

ለምን ሃያ?

ነገሩ ሁለት ምላሾች ተደርበው የሚሄዱበት ነው።

```
AgCl(s) ⇌ Ag+ + Cl-                    Ksp = 1.8 × 10^-10
Ag+ + 2NH3 ⇌ [Ag(NH3)2]+               Kf  = 1.7 × 10^7
AgCl(s) + 2NH3 ⇌ [Ag(NH3)2]+ + Cl-     K   = 3.1 × 10^-3
```

የመጀመሪያው መስመር ብቻውን ሲታይ ተስፋ የለውም። ዝቃጩ ጥቂት የብር አዮን ይለቅና ያቆማል። የብርና የክሎራይድ ክምችት ብዜት ከዚያች ትንሽ ቁጥር ማለፍ አይችልም። አሞኒያ ሲገባ ግን ናይትሮጅኑ ያልተጋሩ ሁለት ኤሌክትሮኖቹን ይዞ የብር አዮኑን ከሁለት በኩል ይይዘዋል። የተያዘው አዮን ከነፃዎቹ ጋር አይቆጠርም። ስለዚህ ዝቃጩ ሌላ ይለቃል፣ እሱም ይያዛል፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። አሞኒያ የሲልቨር ክሎራይድን Ksp አልለወጠውም። ቱቦው ጥርት ባለበት ሰዓት እንኳን ያ ቁጥር እንደተከበረ ነው። ውስጡ ነፃ ሆኖ የሚንሳፈፈው ብር በጣም ጥቂት ነው፤ ከስድስት ሚሊዮን የብር አዮኖች ነፃው አንዱ ብቻ ቢሆን ነው። የተቀረው ሁሉ በአሞኒያ ተይዟል።

ሦስተኛው መስመር የሁለቱ ብዜት ነው። K 0.0031 ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ትንሽ ናት፤ ምላሹ በራሱ ወደ ቀኝ የሚሮጥ አይደለም። ስለዚህ በግድ መግፋት ያስፈልጋል። የሚገፋው ደግሞ ሳይያዝ የሚቀረው አሞኒያ ነው። ብሩና ክሎራይዱ እኩል ስለሆኑ ከሁለቱም በኩል ሥር ብናወጣ ነገሩ ቀላል ይሆናል፦

```
[Ag(NH3)2]+ / NH3 = √K = 0.055
NH3 = 0.1 / 0.055 = 1.8 mmol
1.8 + 0.2 = 2.0 mmol
2.0 mmol / 2 M = 1.0 mL
```

ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ነፃ ሆኖ መቅረት ያለበት አሞኒያ ነው። ሦስተኛው ላይ የተጨመረው 0.2 ደግሞ ብሩ ይዞት የሚሄደው፣ ሁለት ለአንድ የተባለው ነው። ድምሩ 2 ሚሊ ሞል፣ ለ0.1 ሚሊ ሞል ብር። ሃያ ለአንድ ማለት ይኸው ነው። አሥራ ስምንቱ ብሩ እንዳይለቀቅ ከበው የሚቆሙ ናቸው።

ከዚህ ሒሳብ አንድ ደስ የሚል ነገር ይወጣል። የቱቦው ይዘት ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ የትም አልገባም፤ ከላይም ከታችም ስላለ ተሰርዟል። ስለዚህ ጥርት ካለ በኋላ ሁለት ሦስት ጠብታ አሞኒያ ለማስተማመኛ ጨምሩና አምስት ሚሊ ሊትር ዲስትልድ ውሃ ጨምሩበት። ጥርት እንዳለ ይቆያል። አሞኒያው ቀጥኖ ዝቃጩ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ተማሪ አይጠፋም። አሞኒያው ሲቀጥን ግን ብሩም ክሎራይዱም እኩል ይቀጥናሉ።

በሊትር ማሰብ ለሚፈልግ፦ በ1 ሞላር አሞኒያ አንድ ሊትር ውስጥ 7 ግራም ያህል ሲልቨር ክሎራይድ ይሟሟል። ከንጹህ ውሃ ጋር ሲነጻጸር 3,700 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የKf ዋጋ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል፤ 1.1 × 10^7 የሚሉም አሉ። በዚያ ካሰላችሁት ሃያው ጠብታ ወደ ሃያ አራት ከፍ ይላል። ስለዚህ ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አምስት ያለው ቁጥር ሁሉ ጤነኛ ነው።

ቁጥሩ ሳይገጥም ሲቀር

ሠላሳ ጠብታ ጨምራችሁ ድፍርሱ ገና ካልጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት አሞኒያውን ነው። ክዳኑ ላልቶ የከረመ ጠርሙስ ጋዙን እያወጣ ይደክማል። ሌላው ሁሉ በትክክል ተለክቶ በሠላሳኛው ላይ ጥርት ካለ፣ 2 ሞላር የምትሉት አሞኒያ 1.3 ሞላር ገደማ ነው ማለት ነው። ሙከራው ሳታስቡት አሞኒያውን ለካላችሁ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጨው ነው። «ዝቃጩ በደንብ እንዲወጣ» ብሎ ጨዉን እጥፍ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። 1 ሚሊ ሊትር መሆን የነበረበት የጨው ውሃ 2 ከሆነ ትርፍ ክሎራይዱ ምላሹን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሒሳቡን ስትሠሩት የሚያስፈልገው አሞኒያ ከ1 ሚሊ ሊትር ወደ 1.4 ይወጣል። ሃያው ጠብታ ሃያ ስምንት ሆነ ማለት ነው።

በተቃራኒው ብሩ ከጨዉ ከበለጠ በመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቡናማ ነገር ብልጭ ሊል ይችላል። እሱ ሲልቨር ኦክሳይድ ነው፤ ክሎራይድ ያላገኘው ትርፍ ብር ከአሞኒያው ቤዝነት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር። አሞኒያ ስትቀጥሉ እሱም ይሟሟል፤ ችግር የለውም። ልኬታችሁ እንደተዛባ ግን ያሳብቃል።

አሁን ወደ ፀሐዩ። ሲልቨር ክሎራይድ ብርሃን ሲመታው ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ከላዩ ያለው ጥቂቱ ወደ ብረት ብር ተቀይሯል። ብረት ብር ደግሞ በአሞኒያ አይሟሟም። ነጩ ሁሉ ጠፍቶ ቱቦው ሥር ግራጫ ብናኝ ብቻ ከቀረ ጠርሙሱን ሙሉ አሞኒያ ብታፈሱበትም ለውጥ የለም። አዲስ ዝቃጭ ሥሩና ጥላ ውስጥ ቶሎ ጨርሱት።

ደረጃ 3፦ ዝቃጩን መመለስ

ጥርት ያለውን ቱቦ ያዙና 2 ሞላር ናይትሪክ አሲድ ጠብ አድርጉ። አሲዱ አሞኒያውን ወደ አሞኒየም አዮን ይቀይረዋል። አሞኒየም ደግሞ ብር የሚይዝበት ነፃ ኤሌክትሮን የለውም፤ በሃይድሮጅኑ ተይዟል። ብሩ ሲለቀቅ ክሎራይዱ እዚያው ይጠብቀዋል።

```
[Ag(NH3)2]+ + Cl- + 2H+ → AgCl(s) + 2NH4+
```

አሞኒያውን በልኩ ጨምራችሁ ከሆነ የመጀመሪያው ጠብታ ራሱ ቱቦውን ያደፈርሰዋል። አሞኒያውን አርባ ጠብታ ድረስ ያበዛችሁ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ታያላችሁ። ጠብታው በወደቀበት ቦታ ነጭ ደመና ይፈጠራል፤ ስትወዘውዙት ይጠፋል። ይህ እስከ ሃያኛው የአሲድ ጠብታ ድረስ ይደጋገማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አልመለስ አለ» ብሎ ይተወዋል። አልመለስ አላለም። ትርፉ አሞኒያ ገና አላለቀም፤ ቀጥሉ።

ማቆሚያው ሊትመስ ነው። ሰማያዊው ወረቀት በእርግጠኝነት ቀይ እስኪሆን ድረስ ጨምሩ፤ ያኔ ብሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ወርዷል። ቱቦው ትንሽ ይሞቃል፣ አትደንግጡ። በናይትሪክ ፈንታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አትጠቀሙ። እሱ የራሱን ክሎራይድ ይዞ ስለሚመጣ ዝቃጩ ከየትኛው ክሎራይድ እንደተሠራ መለየት አትችሉም። ባልታወቀ ናሙና ውስጥ ክሎራይድ ስትፈልጉ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ደረጃ 4፦ ከብሮማይድና ከአዮዳይድ ጋር ማወዳደር

ፖታሲየም ብሮማይድና ፖታሲየም አዮዳይድ ካላችሁ በሁለት ሌላ ቱቦዎች ያንኑ ሥሩ። በጨዉ ቦታ 1 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር ብሮማይድ ወይም አዮዳይድ ጨምሩበት። የብሮማይዱ ዝቃጭ ክሬም ቀለም፣ የአዮዳይዱ ቢጫ ይሆናል። በደማቅ ብርሃን ካልሆነ ክሬሙን ከነጩ መለየት ያታግላል። ለዚህ ነው ቀለም ብቻ አይታመንም የሚባለው፤ አሞኒያው ይፍረድ።

ለሁለቱም 1 ሚሊ ሊትር የ2 ሞላር አሞኒያ ስጡ። ሁለቱም እንደነበሩ ይቀመጣሉ። በዚያው ሒሳብ ብታሰሉት ለብሮማይዱ 16 ወይም 17 ሚሊ ሊትር የ2 ሞላር አሞኒያ ያስፈልገዋል፤ ከቱቦው በላይ ነው። ያልቀጠነው፣ ከጠርሙሱ የሚወጣው አሞኒያ ከሆነ ግን ሁለት ሚሊ ሊትር ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ይህን በጭስ መሳቢያ ሥር ብቻ ሞክሩ። ለአዮዳይዱ 2 ሞላር አሞኒያ አንድ ሊትር ከሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ይጠይቃል። በአሞኒያ አይሟሟም የሚባለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ማስወገድ

ይህን ደረጃ ለነገ አታሳድሩት። ብርና አሞኒያ አንድ ላይ ያሉበት ሙሙት ሲያድር ሲልቨር ናይትራይድ የሚባል ጥቁር ነገር ሊያወጣ ይችላል። ይህ ነገር እርጥብ እንደሆነ እንኳን ሲነካኩት የሚፈነዳ ነው። አሞኒያው ተንኖ ቱቦው ከደረቀ አደጋው ይብሳል። አንድ ያደረ፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር የተለጠፈበት የብርና የአሞኒያ ቱቦ ካጋጠማችሁ አትፈቅፍቁት፣ አታንቀሳቅሱት፤ የላቦራቶሪውን ኃላፊ ጥሩ።

ሥራው እንዳለቀ የሁሉንም ቱቦ ይዘት፣ ድሮፐሩን ያጠባችሁበትን ጨምሮ፣ አንድ ቢከር ውስጥ ገልብጡ። ሊትመሱ ቀይ እስኪሆን ድረስ ናይትሪክ አሲድ ጨምሩ፣ ከዚያ ቁንጥር ጨው ጣሉበት። እዚህ ላይ ትርፍ ክሎራይድ ጥሩ ነው፤ የቀረውን ብር ያወርደዋል። ዝቃጩ እስኪወርድ ጠብቁና ከላዩ ካለው ጥርት ያለ ውሃ አንድ ጠብታ የጨው ውሃ ጨምራችሁ ፈትኑ። አዲስ ጭጋግ ካልታየ ውሃውን ከላይ ቀድታችሁ በላቦራቶሪው ደንብ መሠረት አስወግዱ። ዝቃጩን «የብር ቅሪት፣ አሲድ የገባበት» የሚል በተጻፈበት የቡናማ ጠርሙስ ሰብስቡት። ሲጠራቀም ብሩን መልሶ ማውጣት ይቻላል፤ ሲልቨር ናይትሬት በሚገዛበት ዋጋ ደግሞ የሚጣል አይደለም።